ታጥቦ የሚመለስ የሶፋ ልብስ

አዳማ ነፋስ አጥታ አታውቅም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ከፍታ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲደርቅ ነፋሱ አስፋልትም ኮብልስቶንም ካልደረሰው መንገድ ደቃቅ አፈር እያነሳ በመስኮት፣ በበር ሥርና በጣሪያ ክፍተት ወደ ቤት ያስገባል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ሊጻፍበት ይችላል። ዝዋይ፣ መተሐራ ወይም ድሬዳዋ የኖረ ሰውም ይህን ያውቀዋል።

የስምጥ ሸለቆው አቧራ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። አፈሩ አብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ሲረገጥ ይቦንናል። በአመዱ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ቅንጣቶች ደግሞ በባሕርያቸው መስታወት ናቸው፣ ጠርዛቸውም ስለታም ነው። እንዲህ ያለው አቧራ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሰው በላዩ በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ክሩን እየፈተገ ይቆርጠዋል። የሶፋ ጨርቅ ጎኑ አዲስ እንደመሰለ መቀመጫው ላይ ብቻ ሳስቶ የሚቀደደው የሰው ክብደት ብቻውን ስለጎዳው አይደለም። ስለዚህ አቧራውን ከውስጥ ማውጣት የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሶፋው ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለውን የሚወስን ነው።

ገበያ ሲወጣ «ይታጠባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሻጩ ሁሉም ይታጠባል ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ እቤት ባለው ሳፋ፣ በአንድ ሰው ጉልበትና በፈረቃ በሚመጣ ውኃ ይታጠባል ወይ የሚለው ነው። ሙሉ ሶፋውን ከላይ እስከ ታች የሚያለብሰው ወፍራም ጨርቅ ሲደርቅ ሸክሙ አይታወቅም። ውኃ ሲጠጣ ግን ሁለት ሰው ጨምቆ አያደርቀውም፤ ገመዱም ይረግባል። መታጠቡ ስለሚከብድ ለበዓል ብቻ ይታጠባል፣ በመካከል ያለውን ወራት ሁሉ አቧራ እንደተሸከመ ይቆያል። በእኔ እምነት ደረቅና ነፋሻ አገር ላይ ያለ የሶፋ ልብስ ተለያይቶ መሰፋት አለበት፦ ለእያንዳንዱ መቀመጫና መደገፊያ ለብቻው። ያኔ ውኃ ባነሰ ቀን አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ማጠብ ይቻላል።

ጨርቁን በመምረጥ እንጀምር። ከፋይና ፀጉር ያለው ጨርቅ ለዓይን ያምራል፣ ለእጅም ይለሰልሳል። ሆኖም አቧራው በፀጉሮቹ መካከል ወርዶ ከሥር ይቀመጣል፤ በማራገፍ አይወጣም። ጥሩው ልሙጥና ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ነው፦ ካኪ፣ ቀጠን ያለ ጂንስ፣ ወይም ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ወፈር ያለ ጨርቅ። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነው ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን በደረቅ አየር ሲታሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያከማች አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል። ሙሉ ጥጥ ይህ ችግር በጣም ያንስበታል፤ ችግሩ ሲታጠብ መሰብሰቡ ነው። ድብልቁ ሁለቱን ያመቻቻል።

ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚሠራ ፈተና አለ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ ነጠብጣብ ብርሃን በግልጽ ካሳለፈ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ አቧራም ያሳልፋል። ቀጥሎ ከቁራጩ ላይ ቆንጠር አድርጎ ደረቅ አፈር መነስነስ፣ በጣት አንድ ጊዜ ሸት ማድረግና ጨርቁን አዙሮ ማራገፍ። ጥቅጥቅ ካለው ካኪ ላይ አብዛኛው ይረግፋል፤ ከከፋይ ላይ ደግሞ አፈሩ የታሸበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቁራጭ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመ ሩብ ሜትር ገዝቶ እቤት መሞከር ይሻላል፤ ቁራጩ ቆይቶም ሥራ አለው።

ስለ ቀለም አጭር ነገር ልበል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አቧራውን ወዲያው ያሳያሉ። ነጭ ደግሞ የቡናና የወጥ ጠብታን አይሸሽግም። ከአፈሩ ቀለም ብዙ የማይርቅ፣ ሁለት ዓይነት ክር ተቀላቅሎ የተሸመነበት ጨርቅ በሁለት እጥበት መካከል ያለውን ጊዜ በደህና ያሳልፋል። አቧራውን ግን ሸሸገው እንጂ አላስወጣውም፤ ስለዚህ ዓይን ንጹሕ ነው ማለቱን ብቻ አምኖ መቆየት አያስፈልግም። ነጭ አንሶላ በመቀመጫው ላይ አንጥፎ በመዳፍ ጠንከር አድርጎ አንድ ሁለት ጊዜ መምታት በቂ ነው። አንሶላው ሥር ቡናማ አሻራ ከታየ መታጠቢያው ቀን ደርሷል።

አሁን ወደ ስፌቱ። አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ እንውሰድ፤ እያንዳንዱ የመቀመጫ ስፖንጅ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ነው እንበል። ለላይና ለታች ሁለት 63 በ63 የሆኑ ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ ትርፉ ለስፌት ነው። ጎኑን የሚዞረው ጥብጣብ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ጨርቁ ወርዱ ሜትር ተኩል ከሆነ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ጥብጣቡ ሲጨመር ለአንድ መቀመጫ 1 ሜትር ገደማ ይበቃል። ለሦስቱ 3 ሜትር ማለት ነው። መደገፊያዎቹም ተመሳሳይ መጠን ካላቸው በጠቅላላው 6 ሜትር ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ አምስት እጅ ቢሰበሰብ 60 የነበረው 57 ይሆናል። ልብሱ ከገመድ ወርዶ ስፖንጁን ሲያለብሱት ማዕዘኑ ይጠማዘዛል፣ ዚፑ አልዘጋ ይላል፤ በጉልበት ሲጎተት ጥርሱ ይፈለቀቃል። ያቺ ሩብ ሜትር ቁራጭ የምታስፈልገው ለዚህ ነው። በላይዋ 20 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት ውኃና ሳሙና ታጥባ፣ ደርቃና ተተኩሳ ትለካለች። 19 ከሆነች ጨርቁ በአምስት እጅ ይሰበሰባል። ያኔ ጨርቁን በሙሉ ሳይቆረጥ በፊት ነክሮ፣ አጥቦና አድርቆ ለሰፊው መስጠት ነው፤ ለመሰብሰቡ ማካካሻም ትንሽ ትርፍ መግዛት ያስፈልጋል።

ዚፑን በተመለከተ ለሰፊው አስቀድሞ የሚነገር ነገር አለ። በጀርባው በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ስፖንጁ በትግል ነው የሚገባው። በሁለቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዞሮ 80 ቢሆን ልጅም ያወልቀዋል። በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ ብዙ ጊዜ ይታጠባል። ከዚፑ በላይ ክዳን የሚሆን ጨርቅ ጣል ማድረግም አይርሱ፤ አቧራ በዚፕ ጥርስ መካከል ይገባል።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ግን የማይታየውን የውስጥ ልብስ ነው። ስፖንጅ እንደ ወናፍ ይሠራል፤ ሰው ሲቀመጥበት አየር ይተፋል፣ ሲነሳ ከክፍሉ አየር ከነአቧራው ይስባል። ስፖንጅ ውስጥ የገባ አቧራ ደግሞ በእጥበት በቀላሉ አይወጣም፤ ስፖንጁም ውኃ ከጠጣ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፣ ይሸታልም። መድኃኒቱ ታጥቦ የተሰበሰበ አቡጀዲ ነው። ስፖንጁ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ዙሪያው ይሰፋል፤ የላይኛው ልብስ ሲወልቅ እሱ አይነካም። ወጪው ከላይኛው ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሌዘር የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ስለሚጸዳ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም ያሳርፋል። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ግን ያ ስለታም ቅንጣት ላዩን ይጭረዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከጊዜ በኋላም መላጥ ይጀምራል። የተላጠ ሌዘር እንደገና አይጠገንም፤ ከላዩ ጨርቅ ማልበስ ብቻ ነው የሚቀረው።

እናቶቻችን የሚሠሩት ዳንቴል በዚህ ሁሉ ውስጥ ቦታ አለው። የፀጉር ቅባትና የእጅ ላብ አቧራውን ከጨርቁ ጋር ያጣብቁታል፤ ሶፋ ቶሎ የሚጠቁረው ራስ በሚያርፍበትና ክንድ በሚደገፍበት ቦታ ነው። ከእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚውለው ዳንቴል ወይም ካኪ ቁራጭ በአንድ ጆግ ውኃ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ትልቁ ልብስ ደግሞ ይቆያል።

እጥበቱ የሚጀምረው ውጭ ነው። ልብሱ ተገልብጦ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ በደንብ ይራገፋል፤ በተለይ ማዕዘኖቹ አቧራ ያጠራቅማሉ። ከዚያ ሳሙና በሌለበት ውኃ ለሩብ ሰዓት መንከር። ውኃው ሻይ መስሎ ይወጣል፤ እሱን ለመጸዳጃ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። ሳሙናው ከዚህ በኋላ ሲገባ ኃይሉ በጭቃው ላይ ሳይሆን በቅባቱ ላይ ይውላል፣ ለማለቅለቅም ያነሰ ውኃ ይጠይቃል። ዚፑ ተዘግቶ፣ ቀለሙ እንዳይነጣ ተገልብጦ ይሰጣል።

ወለልና ግድግዳ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ አቧራ የሚይዘው ቀዳዳና ሸካራነት ነው። በደንብ የተሠራ ሊሾ በርካሽ ጥሩ ወለል ነው፤ ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ሁሉ የአቧራ ማከማቻ ይሆናል። ሴራሚክ የሚያስገጥም ሰው መጋጠሚያውን ጠበብ፣ ሙሌቱንም ጠቆር እንዲያደርግለት ሠራተኛውን ይንገረው፤ ነጭ ሙሌት ብዙ ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል። በጣም የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ እያንዳንዱን ዱካ ያሳያል፣ ጎርባጣው ደግሞ መወልወያውን ይይዛል፤ ልሙጥ ሆኖ ብልጭታው የቀነሰው ይሻላል። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የዘይት ቀለም ባይሆን እንኳ ሰውና ወንበር የሚነካው እስከ ሜትር ከሃያ ድረስ ያለው ክፍል ቢቀባ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የደበዘዘ የውኃ ቀለም ሲታሽ አብሮ ይለቃል።

በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን ከወለል አንስቶ ወደ ሶፋው ይመልሰዋል። ከፍ ያለው ቅንጣት በሩብ ሰዓት ውስጥ መሬት ይደርሳል፤ የላመው ግን ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ወለሉ በእርጥብ መወልወያ ቢሠራ ይመረጣል። መጥረግ የግድ ከሆነ ግን ውኃ ረጨት አድርጎ፣ የሶፋው ልብስ ለማራገፍ ወጥቶ ሳለ መጥረግ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ጠረጴዛውንና ቴሌቪዥኑን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፤ ልብሱን ከዚያ በኋላ መመለስ።