የዳቦ ቤቱ ድረ ገጽ ሲከፈት ማስታወቂያው ምን ይበል?

«አዲስ ድረ ገጽ ከፍተናል፤ ይጎብኙን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራምና በፌስቡክ በየጊዜው ይለጠፋል። ደንበኛው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ የሚያስፈልገውን ድፎ ዳቦ እስከ መቼ ማዘዝ ይችላል? የት ይረከባል? በምን ይከፍላል?

ሊጡ ኩፍ እስኪል ጊዜ ስለሚወስድ የማዘዣው ቀነ ገደብ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቢሰፍር ይመረጣል። ለምሳሌ አንድ የአዲስ አበባ ዳቦ ቤት እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «የበዓል ድፎ ዳቦ ከዛሬ ጀምሮ በድረ ገጻችን ይዘዙ። ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ጳጉሜን 3 ማታ ነው። ክፍያ በቴሌብር፤ ርክክብ ከሱቃችን።» ከዚህ ቀጥሎ ሊንኩ ብቻ ይበቃል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ሊንክ ላይ ነው። ሊንኩ ሲላክ ከሥሩ የሚወጣውን ፎቶና ርእስ ቴሌግራም የሚያነበው ከድረ ገጹ ኮድ ነው፤ ፎቶውን የሚወስነው `og:image` የሚባለው መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ የዳቦው ፎቶ ላይወጣ ይችላል። ድረ ገጹ ሳያልቅ ሊንኩ ለሙከራ ተልኮ ከነበረ ደግሞ ቴሌግራም የያዘውን አሮጌ ርእስ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ ሊንኩን ለ `@WebpageBot` መላክ ቅድመ እይታውን ያድሰዋል። ፌስቡክም ለዚሁ የሚያገለግል Sharing Debugger የሚባል መሣሪያ አለው።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ወዳጅ በራሱ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ አንድ ዳቦ እስከ ክፍያው ድረስ አዝዞ ይሞክረው።