አምቡላንሱ በየት በኩል ይምጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። በሦስቱም ቁጥሮች ስልኩን የሚያነሳው ሰው መኪና ማስነሳት የሚችለው ለአንድ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው፤ የት ነው ያሉት? በሽተኛው ምን እንደሆነ ለመናገር ተዘጋጅቶ የደወለ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል። ብዙዎቻችን ሰፈራችንን በእግራችን እንጂ በአፋችን አናውቀውም። እንግዳ ሰፈር ላይ፣ በጨለማ፣ ደም እያየን ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የቤት ቁጥር የለንም ማለት አይደለም። መታወቂያችን ላይ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ግን ለአስተዳደር ሥራ የተሰጠ እንጂ መንገድ እየተከተለ የተደረደረ አይደለም። ከአንዱ በር ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ የሚፈልገው ቤት ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚያውቅ ሾፌር የለም። በስንቱ መታወቂያ ላይስ በቁጥሩ ቦታ «አዲስ» ተብሎ ተጽፎ የለም? የመንገዶቹም ይፋዊ ስም ቢሆን ከሰሌዳው ወርዶ ሰው አፍ ውስጥ አልገባም። አፍሪካ ጎዳና ብሎ የሚጣራ ተሳፋሪ የለም፤ ቦሌ መንገድ ነው። ክፍለ ከተማውና ወረዳው ፍለጋውን ያጠባሉ፣ ስለዚህ የሚያውቃቸው ሰው ይናገራቸው። መኪናውን በር ላይ የሚያደርሰው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቦታ፣ ከዚያም ወዴት እንደሚታጠፍ ነው።

እኛም በዚህ መንገድ መናገር እናውቅበታለን፤ እንግዳ ቤታችን ስንጠራ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እንግዳው ቢጠፋ ደግሞ ይደውላል፣ ቆመን እንጠብቀዋለን። አምቡላንስ ሲጠፋ የሚያልቀው ጊዜ የበሽተኛው ነው። ስለዚህ በሰላሙ ቀን የማይጎዱን ልማዶች በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርጉን ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የስም መደጋገም ነው። «መድኃኔዓለም ጀርባ ነን» የሚል ሰው ለራሱ ግልጽ ነው፤ ለሚሰማው ግን ቦሌ መድኃኔዓለም ሊሆን ይችላል፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለምም ሊሆን ይችላል። ሚካኤልም ቦሌ አለ፣ የካም አለ። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 አሉ፣ የብሎክ ቁጥሩም በየሳይቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የሳይቱን ስም የዘለለ ሰው የሰጠው የብሎክ ቁጥር ሾፌሩን በልበ ሙሉነት ወደ ሌላ ሰው ደረጃ ይልከዋል።

ሁለተኛው የጠፋ ምልክት ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ከነምልክታቸው ሄደዋል። የሰፈሩ ልጅ ግን አሁንም በድሮው ሱቅና በድሮው ምግብ ቤት ያመለክታል። ሾፌሩም የሰፈሩ ልጅ ከሆነ ይገባዋል፤ ካልሆነ የሌለ ነገር ሲፈልግ ይዞራል። አሁን ቆሞ በዓይን የሚታየውን መናገር ይሻላል። በሌሊት ደግሞ የሕንጻ ቀለም አይታይምና መብራት ያለው ነገር ይመረጥ፤ ማደያ፣ ሆቴል፣ የበራ የባንክ ምልክት።

ሦስተኛው «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች»፣ «ጀርባ»፣ «ጎን» የምንላቸው ናቸው። ተዳፋት ከተማ ስለሆነች ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ወደ ላይ ማለት ለምደናል፤ ሜዳ ላይ ሲሆን ግን የአንዱ ላይ የሌላው ታች ነው። ጎንም ቀኝና ግራ አለው። እነዚህ ቃላት ሥራ የሚሠሩት ሰውየው ከየት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሲነገር ብቻ ነው።

አንድ ጥሪ ወስደን እንየው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው እንበል፤ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሞተረኛ ተገጭቷል። የሚደውለው ሰው ለአካባቢው እንግዳ ነው። «ሲኤምሲ ነን፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ባቡሩ ጋ፣ ቢጫ ፎቅ ፊት ለፊት» ይላል። ውሸት የለበትም፤ ግን መኪና አያደርስም። ሲኤምሲ ሰፊ ነው፣ ባቡሩ መንገዱን ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ቢጫው በጨለማ አይለይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሐዲዱ በየትኛው በኩል እንደሆነ አልተናገረም። ባቡሩ በመንገዱ መሐል ለመሐል በአጥር ተከልሎ ስለሚያልፍ በተሳሳተው በኩል የመጣ አምቡላንስ በሽተኛውን በዓይኑ እያየ ሊያልፈው ይችላል፤ ለመመለስ መዞሪያ እስኪያገኝ መሄድ አለበት፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ።

ይኸው ሰው አንድ ደቂቃ ወስዶ ዙሪያውን ቢያይና አጠገቡ ያለውን ዘበኛ ቢጠይቅ እንዲህ ማለት ይችል ነበር፤ «ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ነን። የሲኤምሲን ባቡር ጣቢያ አልፈን፣ መሪ ጣቢያ ሳንደርስ። ከመገናኛ የሚመጣ መኪና በሚነዳበት በኩል፣ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ። አጠገባችን መብራቱ የበራ ማደያ አለ። ሞተረኛ ተገጭቶ ወድቋል፣ ይተነፍሳል።» ሾፌሩ እዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ከፊቱ የሚያገኘውን ጣቢያ ያውቃል፤ መሪን ካየ ማለፉን ያውቃል። ሰዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው። «ይህን ካያችሁ አልፋችኋል» የሚል ምልክት ባይኖር ሾፌሩ ስሕተቱን የሚያውቀው በጣም ርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ቦታው በጥሪው መጀመሪያ ላይ መነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ ይዘጋል፣ መስመር ይቆረጣል። ቦታው ከተያዘና ጥሪው ከተቋረጠ መኪና ሊመጣ ይችላል፤ ሕመሙ ተነግሮ ቦታው ሳይነገር ቢቋረጥ ግን የሚመጣ የለም። ስልኩን የሚቀበለው ሰው ያለንበትን ቦታ በስክሪን ያያል ብሎ መተማመንም አይገባም።

ሰፈሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰውም ግድግዳዎቹ ይናገራሉ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው የባንክ ቅርንጫፍ ሰሌዳን ነው። ባንኮቻችን በየሰፈሩ ስላሉ፣ ሰሌዳቸው ላይም የቅርንጫፉ ስም ስለሚጻፍ፣ የባንኩን ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የቅርንጫፍ ስም አንብቦ መናገር የሰፈሩን ስም መናገር ያህል ነው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ በርም እንዲሁ። ሱቅ ወይም ካፌ ውስጥ ከሆኑ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን ይዟል፤ ከገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝም ብዙውን ጊዜ አድራሻ ያትማል። ደረሰኙ የዋናውን መሥሪያ ቤት አድራሻ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ግን ሻጩን መጠየቅ ይቀድማል። መንገድ ላይ ከሆኑ ዘበኛ፣ ሊስትሮ ወይም የባጃጅ ሾፌር ይፈልጉ፤ ቢቻል ስልኩን ራሱን ያቀብሉት። ለእነዚህ ሰዎች ሰፈሩ የዕለት እንጀራቸው ነው፣ ለሾፌር እንዴት እንደሚነገርም ያውቁበታል።

ስማርት ስልክ ያለው ሰው «ሎኬሽን ልላክ» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሦስት አኃዝ ለሚደወል ቁጥር ሎኬሽን ለመላክ መሞከር ጊዜ ያባክናል። የሚጠቅመው የሾፌሩ ወይም የተቀባዩ የእጅ ስልክ ቁጥር ሲገኝ ነውና ይጠይቁ፤ የራስዎን ቁጥርም ይስጡ፣ ያንን ስልክ ሌላ ሰው እንዳይዘው። በቴሌግራም ሲልኩ ስልኩ በአቅራቢያ ያሉ ድርጅቶችን ስም ይደረድራል፤ ከእነሱ አንዱን የነካ ሰው የላከው የድርጅቱን ቦታ እንጂ የራሱን አይደለም። ካርታው ላይ ሰማያዊዋን ነጥብ የከበበው ክብ ሰፊ ከሆነ ስልኩ ገና እርግጠኛ አልሆነም ማለት ነው። ከጣሪያ ሥር ወጥተው፣ ከረጃጅም ሕንጻዎች ትንሽ ራቅ ብለው ክቡ እስኪጠብ ይጠብቁ።

ኢንተርኔት ከሌለም ስልኩ ቦታውን ከሳተላይት ያገኛል፤ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል፣ እነሱን በቃል ማንበብ ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ከ9 ብዙ አይርቅም፣ በደቡብ በኩል 8.9 እና ከዚያም በታች ይሆናል። ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። ከዚህ የተለየ ነገር ካዩ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ወይም ስልኩ ተሳስቷል። ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ያነበበ ሰው መቶ ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ አራት ሲያነብ ወደ አሥር ሜትር ይወርዳል። አኃዞቹን አንድ በአንድ ይጥሩ፣ የሚሰማው ሰውም መልሶ ያንብብልዎት። ይህ ሁሉ ሆኖ ቁጥሩ መንገዱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ነጥቡ ከሾፌሩ ሃምሳ ሜትር ላይ ሆኖ በመሐሉ ወንዝ፣ አጥር ወይም የባቡር ሐዲድ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሎኬሽን ቢላክም አቅጣጫው በቃል ይነገር።

ብዙ ጥሪ የሚበላሸው ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ባለው መንገድ ነው። ኮብልስቶኑ ጠባብ ነው፣ አንድ መኪና ቆሞበት ከሆነ አምቡላንስ አያልፍም። በብዙ ሰፈር ጥበቃው ማታ የመንደሩን በር ይቆልፋል፣ ሁለት መግቢያ ካለ አንዱ ብቻ ክፍት ይሆናል። ለሾፌሩ የትኛው ክፍት እንደሆነ መነገር አለበት። አንድ ሰው ቁልፍ የያዘውን ጥበቃ ይቀስቅስ፣ ሌላው አስፋልቱ ዳር ላይ የስልክ መብራት ይዞ ይቁም፤ የት እንደቆመና ምን እንደለበሰም ይነገር። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና በሽተኛው መራመድ ይችል እንደሆነ ይነገር፤ አሳንሰር በሌለበት በደረጃው ላይ ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ጎረቤትም አስቀድሞ መጠራት አለበት።

ልጆቻቸው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያሉ ስንት አሮጊትና ሽማግሌ ከገጠር ከመጣች ጥቂት ወር ከሆናት ሠራተኛ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጁ ከዚያ ሆኖ 907 ቢደውል አዲስ አበባ አይደርስም፤ ልጅቷ ከዚህ ሆና ብትደውል ሰፈሩን አታውቀውም። ለዚህ ቤት አንድ ወረቀት ይበቃዋል፣ ስልኩ አጠገብ የተለጠፈ፣ በትልቁ የተጻፈ። «ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጀሞ 1 አይደለም» ብሎ ይጀምር፤ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በር ላይ ምን እንደሚታይ፣ ስንተኛው ብሎክ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ምን አልፈው ከሄዱ እንደተሳሳቱ ይጻፍበት። ከሥሩ የቅርብ ጎረቤትና የሳይቱ ጥበቃ ስልክ ይኑር። ማንበብ የማትችል ከሆነች ደግማ ደጋግማ በቃሏ ትያዘው።

ወረቀቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ዘዴ አለ። አንድ ቀን ታክሲ በስልክ ይጥሩ፤ ከወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ልጅቷ ለሾፌሩ ታንብብለት፣ ሌላ ቃል አትጨምር። ሾፌሩ መልሶ ደውሎ «አሁን ወዴት ልታጠፍ?» ያለበት ቦታ ላይ ያለው መስመር ተሰርዞ እንደገና ይጻፍ።