ሰኞ ሰኞ ብቻ የማትነሣ መኪና

የአንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪና ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለ ችግር ትነሣ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ከሚል ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ባለቤቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝተዋል፤ ሁለተኛውም በወሩ እንደ መጀመሪያው ሆነ። እኔን የሳበኝ የቀኑ ነገር ነበር። የተበላሸ ባትሪ ሰኞን ከማክሰኞ ለይቶ አያውቅም፤ ቀስ ብሎ የሚፈስ ኮረንት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ መኪናዋም ቅዳሜና እሑድ ከግቢ አትወጣም።

በመጀመሪያ ባትሪውን ራሱን ከጥርጣሬ ማውጣት ነበረብን። በሚገባ ሞልተን ከመኪናዋ ለይተን ለሁለት ቀን አስቀመጥነው። ሲሞላ 12.6 ቮልት ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላም አልወረደም። እንግዲህ ኤሌክትሪኩን የሚጠጣው ከባትሪው ውጭ ያለ ነገር ነው ማለት ነው።

ቁልፉ ተነቅሎ ከቆመች መኪና ውስጥ ጥቂት ኮረንት መፍሰሱ ያለ ነው። ሰዓቱ፣ የሬድዮው ማስታወሻና የሌባ መከላከያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። የእነዚህ ድምር ግን በብዙዎቹ መኪኖች ከ50 ሚሊ አምፒር አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሆነውን ለማወቅ መልቲሜትር፣ በተለምዶ ቴስተር የምንለው መሣሪያ፣ ይበቃል።

አምፒር የሚለካው መሣሪያው በተከታታይ ሲገባ፣ ማለትም ኮረንቱ ሁሉ በውስጡ እንዲያልፍ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ቀዩ ሽቦ 10 አምፒር ከሚለው ቀዳዳ ይሰካል፤ የባትሪው የኔጋቲቭ ገመድ በመፍቻ ይላላና መሣሪያው በዋልታውና በገመዱ መካከል ይገባል። ከዚህ በኋላ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ሞተሪኖው ከ100 አምፒር በላይ ስለሚስብ የመሣሪያው ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። ሥራው ሲያልቅም ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳው መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ረስቶ የባትሪውን ሁለት ዋልታዎች የሚነካ ሰው በአምፒር መለኪያው በኩል አጭር ዙር ይፈጥራል። (በቤተ ሙከራችን በየዓመቱ የሚቃጠሉት ፊውዞች አብዛኞቹ የዚህ ስሕተት ሰለባዎች ናቸው።)

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን በትዕግሥት ላይ ነው። ገመዱ ተለይቶ እንደገና ሲገናኝ በመኪናዋ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ይነቃሉ፤ መሣሪያውም አንድ ወይም ሁለት አምፒር ሊያሳይ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም። በሮቹን ሁሉ ዘግቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል፤ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ። እኛም ከጠበቅን በኋላ ንባቡ ከ0.44 አምፒር አልወርድ አለ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 61 ሰዓት ነው። 0.44 × 61 ወደ 27 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው ደግሞ ሲሞላ 45 አምፒር-ሰዓት ብቻ ይይዛል። በአንድ የሥራ ቀን ሌሊት ግን የሚጠፋው ከ6 አምፒር-ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ቀሪው ለማስነሣት ይበቃል። የሰኞ ምሥጢር ይኸው ነበር።

ሌባውን ለመለየት ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ መቼ እንደሚወርድ ማየት የተለመደ ነው። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ነቅሎ መመለስ የተኙትን ክፍሎች እንደገና ሊቀሰቅስ ይችላልና። ፊውዝም ጥቂት ሬዚስታንስ አለው፤ የ10 አምፒሩ ወደ 7.5 ሚሊ ኦም ገደማ ነው። ኮረንት ካለፈበት በሁለት ጫፎቹ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ መታየት አለበት። የኔጋቲቩን ገመድ ወደ ቦታው መልሰን፣ ክፍሎቹ እስኪተኙ እንደገና ጠብቀን፣ ቴስተሩን በሚሊ ቮልት ላይ አድርገን ከኮፈኑ ሥር ባለው ሳጥን የእያንዳንዱን ፊውዝ ሁለት የብረት ነጥቦች ነካን። ሌሎቹ ከዜሮ እምብዛም አልራቁም፤ አንዱ 3.2 አሳየ። ለ7.5 ሲካፈል 0.43 አምፒር ገደማ ነው፤ የጠፋው ኮረንት ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል በዚያ ያልፋል።

ፊውዙ የውስጥ መብራቶች ነበር። ይሁን እንጂ በመስኮት ሲታይ የሚበራ መብራት የለም። የቀረው የኋላው የዕቃ መጫኛ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት በውስጡ ያለችው የ5 ዋት አምፖል ትበራለች፤ መብራቷም ተገቢ ስለሆነ ማንም አይጠረጥራትም። ክዳኑን ለግማሽ ሰዓት ዘግተን ከፈትንና ጣቴን አስጠጋሁ፤ አምፖሏ ትኩስ ነበረች። ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናት ትንሽ ማጥፊያ ተጣብቃ ኖሯል። አምስት ዋት ለአሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል 0.42 ነው።

አምፖሏን አወጣን። በአምፒር መለኪያው ስንደግመው 0.02 አነበብን።

በየፊውዙ ተዞሮ ምንም ባይገኝ ኖሮ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የሚገናኘው ዲናሞ በሆነ ነበር፤ በውስጡ ያለ ዳዮድ ሲበላሽ ኮረንቱን ወደ ኋላ ያስመልጣል። ያን ጊዜ ወፍራሙ ሽቦ ከዲናሞው ተለይቶ ንባቡ ይታያል፤ ይህ የሚደረገው ግን የባትሪው ገመድ ከተፈታ በኋላ ነው፤ አለዚያ መፍቻው ብረት ሲነካ እሳት ይተፋል።