ሮቦቱ ለምን ቆሞ ይቀራል?

በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ሮቦት መራመድ የሚማረው እየሞከረ ነው። እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ የሚያሳየው የለም፤ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ነጥብ ብቻ ይሰጠዋል። ብዙ ነጥብ ያስገኘለትን ያዘወትራል፣ ያላስገኘለትን ይተዋል። ዘዴው ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ይባላል።

ለዚህ ትምህርት በብዛት ከሚያገለግሉት ሮቦቶች አንዱ ሙጆኮ በተባለው የፊዚክስ ማስመሰያ የሚንቀሳቀሰው `Walker2d` ነው። ሁለት እግርና 6 ሞተሮች አሉት፤ ሞተሮቹ በዳሌው፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ናቸው። በየ0.008 ሰከንዱ ለሞተሮቹ ትእዛዝ ይሰጣል። አንድ ሙከራ ቢበዛ 1000 ትእዛዝ ማለትም 8 ሰከንድ ይቆያል፤ ሮቦቱ ከወደቀ ግን እዚያው ያበቃል። ነጥቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
reward = healthy_reward + forward_reward - ctrl_cost
```

የመጀመሪያው ባለመውደቁ የሚያገኘው 1 ነጥብ ነው። ሁለተኛው ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ሲሆን፣ ሦስተኛው ሞተሮቹ ላወጡት ኃይል የሚቀነስ ትንሽ ነጥብ ነው።

ችግሩ ያለው ከሚዛኑ ላይ ነው። ያለመውደቅ ነጥብ 1 መሆኑ ቀርቶ 5 ቢደረግ ምን ይሆናል? ዝም ብሎ የቆመ ሮቦት 5000 ነጥብ ይሰበስባል። በሰከንድ 1 ሜትር እየተራመደ መንገድ አጋማሽ ላይ የወደቀው ግን 500 ጊዜ 6፣ ማለትም 3000 ብቻ ያገኛል። ጀማሪ ደግሞ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ መራመድን ገና ሳይለምድ መቆምን ይመርጣል፤ እስከ መጨረሻ ቢራመድ የሚያገኘውን 6000 ነጥብ አንድም ቀን ሳያየው ይቀራል። ነጥቡ 1 ሲሆን ግን ቆሞ የቀረውም አጋማሽ ላይ የወደቀውም እኩል 1000 ስለሚያገኙ፣ መሞከር አያከስርም።

ያለመውደቅ ነጥብ ጨርሶ ቢነሳ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመጣል። ጀማሪው ፍጥነት የሚያገኝበት ቀላሉ መንገድ በደረቱ ወደፊት መወርወር ነው፤ እሱን ከለመደ በኋላ መላቀቅ ይከብደዋል። ለኃይል የሚቀነሰው ሲበዛ የሚመጣው ከሁሉም የከፋ ነው። እያንዳንዱ ቅጽበት ኪሳራ ስለሚሆን ሮቦቱ ቶሎ ወድቆ ሙከራውን መጨረስ ይማራል።

ጥፋቱን ለመለየት ድምሩን ማየት አይበቃም፤ ሦስቱ ነጥቦችና የሙከራው ርዝመት ለየብቻ መታየት አለባቸው። ርዝመቱ 1000 ሞልቶ የፍጥነት ነጥቡ ከዜሮ ካልራቀ ሮቦቱ ቆሟል። የፍጥነት ነጥቡ ከፍ ብሎ ሙከራው ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ካለቀ ራሱን እየወረወረ ነው።

ቁጥር የማያሳየው ጥፋትም አለ። `HalfCheetah` የተባለው ሮቦት ቢገለበጥም ሙከራው አይቋረጥም። አንዳንዴ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን እያወራጨ ወደፊት መንሸራተትን ይማራል፤ ርዝመቱም ፍጥነቱም ደህና ይመስላል። ይህን የሚያጋልጠው ቪዲዮው ነው። ከታወቀ በኋላ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለተገለበጠ ሰውነት ነጥብ መቀነስ ወይም ሲገለበጥ ሙከራውን ማቋረጥ ይቻላል።