የዳዮድ ሰርኪዩትን በጭነት መስመርና ደጋግሞ በማስላት መፍታት

አንድ ባትሪ፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ዳዮድ በተከታታይ ሲገናኙ በሰርኪዩቱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ስንት ነው? በዳዮዱ ቦታ ሌላ ሬዚስተር ቢኖር ኖሮ የኦም ሕግ ጥያቄውን በአንድ መስመር ይጨርሰው ነበር። በሬዚስተር ላይ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱም እጥፍ ይሆናል። የዳዮድ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ዊልያም ሾክሌይ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስቀመጠው፣ በዳዮድ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቴጁ ጋር በኤክስፖኔንሻል ሕግ ያድጋል፦

I = I_S · (e^(V/V_T) − 1)

እዚህ ላይ V በዳዮዱ ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ነው። I_S ደግሞ የየዳዮዱ መለያ የሆነ እጅግ ትንሽ ከረንት ነው። V_T ከሙቀት የሚመጣ መጠን ሲሆን በመደበኛ የክፍል ሙቀት 26 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ከዚህ ሕግ አንድ ጠቃሚ ውጤት ይገኛል፤ ቮልቴጁ 60 ሚሊቮልት ያህል በጨመረ ቁጥር ከረንቱ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች ተቀጣጥለው 3 ቮልት ይሰጣሉ እንበል። ሬዚስተሩ 470 ኦም ነው። ዳዮዱ የሲሊከን ሲሆን 1 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት 0.65 ቮልት ይይዛል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲሰላ I_S ወደ 1.4×10⁻¹⁴ አምፔር ይሆናል። በ0.65 ቮልት ላይ የኤክስፖኔንሻሉ ዋጋ 72 ቢሊዮን ገደማ ስለሚደርስ፣ በቀመሩ ውስጥ ያለችውን የመቀነስ 1 መተው ምንም አያጎድልም።

ባትሪው የሚሰጠው 3 ቮልት በሬዚስተሩና በዳዮዱ መካከል ይከፈላል። ስለዚህ ለዳዮዱ V ከተሰጠው ለሬዚስተሩ 3 − V ይቀራል፤ ከረንቱም (3 − V)/470 ነው። ያው ከረንት በዳዮዱም ስለሚያልፍ፦

(3 − V)/470 = I_S · e^(V/0.026)

የችግሩ ቋጠሮ ይኸው ነው። V በአንድ በኩል በተራ ቁጥርነት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በኤክስፖኔንት ላይ ተቀምጧል። በመደመር፣ በማካፈልም ሆነ ሎጋሪዝም በመውሰድ ብቻውን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። የላምበርት ፈንክሽን የሚባለው መፍትሔውን በአንድ መስመር ይጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ የዚያ ፈንክሽን ዋጋ ራሱ የሚገኘው ደጋግሞ በማስላት ነው። ስለዚህ ወይ ሥዕል መሳል፣ ወይ ከግምት ተነሥቶ ግምቱን እያረሙ መሄድ ያስፈልጋል።

በሥዕል የሚሠራው ዘዴ የጭነት መስመር ይባላል። በግራፉ አግድም ዘንግ ላይ የዳዮዱ ቮልቴጅ፣ በቁም ዘንጉ ላይ ከረንቱ ይቀመጣል። በመጀመሪያ የዳዮዱ ኩርባ ይሳላል። በ0.60 ቮልት 0.15፣ በ0.65 ቮልት 1፣ በ0.68 ቮልት 3.2፣ በ0.70 ቮልት 6.8 ሚሊአምፔር የሚያልፉ ነጥቦች ሲያያዙ፣ እስከ 0.6 ቮልት ድረስ መሬት ለመሬት ሄዶ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ይታያል። ቀጥሎ የባትሪውና የሬዚስተሩ መስመር ይሰመራል። ይህ ቀጥታ መስመር ስለሆነ ሁለት ነጥቦች ይበቁታል። ከረንቱ ዜሮ ከሆነ ቮልቴጁ በሙሉ በዳዮዱ ላይ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ነጥብ 3 ቮልት ላይ ነው። ዳዮዱ ምንም ቮልቴጅ ካልያዘ ደግሞ ከረንቱ 3/470 ማለትም 6.38 ሚሊአምፔር ነው። ሁለቱ ነጥቦች በማስመሪያ ሲገናኙ መስመሩ ኩርባውን የሚቆርጥበት ቦታ የሰርኪዩቱ መልስ ነው፤ ሁለቱንም ሕግ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ሌላ ነጥብ የለም። በግራፍ ወረቀት ላይ የሚነበበው 0.69 ቮልትና 4.9 ሚሊአምፔር ያህል ነው።

ሥዕሉ ከመልሱ በላይ የሚናገረው አለው። የጭነት መስመሩ በመቁረጫው አካባቢ ለጥ ያለ፣ ኩርባው ደግሞ ገደላማ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁን ሲያነቡ 20 ሚሊቮልት ቢሳሳቱ በጭነት መስመሩ ላይ ከረንቱ የሚለወጠው 0.04 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ ይህም ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ሰርኪዩት ከረንቱን የሚወስነው በዋናነት ሬዚስተሩ ነው፤ ዳዮዱ የሚወስነው ቮልቴጁን ነው። ባትሪው ደክሞ ወደ 2.4 ቮልት ቢወርድም ሥዕሉ እንደ አዲስ አይሳልም። የጭነት መስመሩ ተዳፋቱን ሳይለቅ ወደ ግራ ይሸሻል፤ መቁረጫውም ወደ 3.65 ሚሊአምፔር ይወርዳል። የዳዮዱ ቮልቴጅ ግን ከ0.69 ወደ 0.68 ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። ሬዚስተሩ ሲቀየር ደግሞ መስመሩ 3 ቮልት ላይ ባለው ነጥብ ዙሪያ ይዞራል።

ደጋግሞ ማስላት የሚባለው ዘዴ ሁለቱን ሕጎች በየተራ ይጠቀማል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ከየትኛው ሕግ ምን ማስላት እንዳለበት ሳይለዩ ሲጀምሩ ነው። በመጀመሪያ እይታ ተፈጥሯዊ የሚመስለው ቮልቴጅ ገምቶ በዳዮዱ ቀመር ከረንቱን ማግኘት፣ ከዚያም በባትሪውና በሬዚስተሩ በኩል አዲስ ቮልቴጅ ማውጣት ነው። በ0.70 ቮልት ቢጀመር ቀመሩ 6.84 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ይህ ከረንት በ470 ኦም ውስጥ ሲያልፍ ብቻውን 3.22 ቮልት ይወስዳል፤ ለዳዮዱ የሚተርፈው −0.22 ቮልት ይሆናል። በዚህ ቮልቴጅ ዳዮዱ ምንም ያህል ከረንት አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ቮልቴጅ ሙሉው 3 ቮልት ነው። 3 ቮልት ወደ ቀመሩ ሲመለስ የሚወጣው ከረንት 10³⁶ አምፔርን ያልፋል። ግምቱ ከእውነተኛው መልስ የራቀው ከ10 ሚሊቮልት ባነሰ ነበር፤ ስሌቱ ግን በሦስተኛው ዙር ከተፈጥሮ ውጭ ሆነ።

መንገዱ ሲገለበጥ ግን ሁሉም ነገር ይቃናል። ከቮልቴጅ ግምቱ ከረንቱ የሚሰላው በሬዚስተሩ በኩል ነው፤ ከከረንቱ አዲሱ ቮልቴጅ የሚሰላው ደግሞ በዳዮዱ ቀመር በሎጋሪዝም መልክ ነው፦

V = 0.65 + 0.026 · ln(I/1 mA)

በ0.65 ቮልት ሲጀመር ለሬዚስተሩ 2.35 ቮልት ይቀራል፤ ከረንቱም 5.00 ሚሊአምፔር ነው። የ5 ሎጋሪዝም 1.609 ስለሆነ አዲሱ ቮልቴጅ 0.6918 ይሆናል። በዚህ ቮልቴጅ ከረንቱ 4.911፣ ከዚያም የሚወጣው ቮልቴጅ 0.6914 ነው። አንድ ዙር ሲጨመር ከረንቱ 4.912 ላይ ይረጋል፤ ቮልቴጁም ከ0.6914 አይንቀሳቀስም። ሥራው በሦስት ዙር አለቀ።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በጭነት መስመሩ ሥዕል ላይ በግልጽ ይታያል። በትክክለኛው መንገድ ከተገመተው ቮልቴጅ ተነሥቶ በቁመት ወደ ጭነት መስመሩ ይኬዳል፤ ከዚያ በአግድም ወደ ዳዮዱ ኩርባ። ጭነት መስመሩ ለጥ ያለ፣ ኩርባው ገደላማ ስለሆነ እርምጃዎቹ ወዲያው እያጠሩ ወደ መቁረጫው ይገባሉ። በተሳሳተው መንገድ ግን ከግምቱ በቁመት የሚወጣው ወደ ገደላማው ኩርባ ነው፤ በአግድም የሚኬደው ደግሞ ለጥ ወዳለው መስመር ነው፤ እያንዳንዱም እርምጃ ይረዝማል። ይህ በቁጥርም ይለካል። በመልሱ ነጥብ ላይ ዳዮዱ ለትንሽ ለውጥ የሚያሳየው ሬዚስታንስ V_T ለከረንቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 26 ሚሊቮልት ለ4.91 ሚሊአምፔር ሲካፈል 5.3 ኦም ያህል ይሆናል። 5.3 ከ470 ጋር ሲነጻጸር 89 ጊዜ ያህል ያንሳል። በትክክለኛው መንገድ ስህተቱ በየዙሩ ወደ 89 እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ በተሳሳተው በዚያው ልክ ያድጋል።

እንግዲያው ሎጋሪዝሙ ሁልጊዜ ያድናል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ የሁለቱ ሬዚስታንሶች ንጽጽር ነው። ያው ዳዮድ ከ0.7 ቮልት ምንጭና ከ10 ኦም ሬዚስተር ጋር ቢገናኝ፣ እውነተኛው መልስ 2.56 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። በዚህ ነጥብ የዳዮዱ ሬዚስታንስ ከ10 ኦም ትንሽ ይበልጣል። ከ0.65 ቮልት ተነሥቶ ሲሰላ ከረንቱ 5.0፣ ከዚያ 0.82፣ ከዚያ 5.5፣ ከዚያ 0.55 እያለ መልሱን ወዲህና ወዲያ እየዘለለ ይርቀዋል። ጥቂት ዙሮች ቆይቶ ከረንቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለ ካልኩሌተሩ ስህተት ብሎ ይቆማል። ቁጥሮቹ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያሉ ልዩነታቸው ካልጠበበ መንገዱ እንደማያደርስ ማወቅ ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዲሱን ቮልቴጅ እንዳለ ከመቀበል ይልቅ የአሮጌውንና የአዲሱን አማካይ መውሰድ። ያው ስሌት በዚህ መንገድ ከ0.65 ወደ 0.6709፣ ከዚያ ወደ 0.6743፣ ከዚያ ወደ 0.6744 ቮልት ይሄዳል፤ ከረንቱም 2.56 ላይ ይረጋል።

ኮምፒውተሮች የሚከተሉት የኒውተንን ዘዴ ነው። በግምቱ ነጥብ ላይ ኩርባውን የሚነካ ቀጥታ መስመር ይሰመራል፤ ይህ መስመር የጭነት መስመሩን የሚቆርጥበት ቦታ አዲሱ ግምት ይሆናል። መልሱ አጠገብ ሲደረስ ይህ ዘዴ እጅግ ፈጣን ነው፤ ከሩቅ ሲነሣ ግን ኤክስፖኔንሻሉ ያስቸግረዋል። ባለ 470 ኦሙ ሰርኪዩት በ0 ቮልት ግምት ቢጀመር በዚያ ነጥብ ኩርባው መሬት ለመሬት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እርምጃ እስከ 3 ቮልት ይወረውረዋል። ከዚያ ወደ ኋላ የሚመለሰው በየዙሩ 26 ሚሊቮልት ያህል ብቻ እየተንፏቀቀ ነው፤ ወደ 0.69 ቮልት ለመድረስም ወደ ዘጠና ዙር ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በ1973 እ.ኤ.አ. የቀረበው SPICE የተባለው የሰርኪዩት ፕሮግራምና ተከታዮቹ፣ የዳዮዱ ቮልቴጅ በአንድ ዙር የሚዘልበትን መጠን የሚገድብ ስሌት አላቸው።

ዙሮቹን የት ላይ ማቆም እንደሚገባ የሚወስነው ዳዮዱ ራሱ ነው። ከረንቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሲሊከን ዳዮድ ቮልቴጅ 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ብዙ ዳዮዶች V_Tን ከ1 እስከ 2 ባለ ቁጥር አባዝተው ካልተሰላ በስተቀር ከሾክሌይ ቀመር ጋር በትክክል አይገጥሙም። ስለዚህ 0.6914 ቮልት ላይ አራተኛዋን አሃዝ ለማግኘት የሚደረገው ዙር ዳዮዱ በጥቂት ሲሞቅ ትርጉሙን ያጣል። ሙቀቱ አሥር ዲግሪ ቢጨምር የዳዮዱ ኩርባ በሥዕሉ ላይ 20 ሚሊቮልት ያህል ወደ ግራ ይሸሻል፤ የጭነት መስመሩ ባለበት ይቆያል፤ ከረንቱም ከ4.91 ወደ 4.95 ሚሊአምፔር ብቻ ይለወጣል።