አሮጌ ዕዳን በአንድ ጊዜ ክፍያ ለመዝጋት የሚቀርብ ሐሳብ እና የይርጋ አደጋው

ለዓመታት ሳይከፈል የቆየን ዕዳ ከፊሉን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ቀሪውን ለማስቀረት የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው በተበዳሪው ቅን ልቦና ብቻ ነው። ዕዳውን ያምናል፣ ለመዘግየቱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሚችለውን ገንዘብ ይጠቅሳል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይህ እምነት ሕጋዊ ውጤት አለው። በአንቀጽ 1845 መሠረት በውል ላይ የተመሠረተ ክስ፣ ሕጉ ሌላ ካልደነገገ በቀር፣ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በአንቀጽ 1851 መሠረት ደግሞ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ በተለይም ወለድ ወይም ከፊል ክፍያ ሲፈጽም፣ ይርጋው ይቋረጥና አዲስ ዘመን መቆጠር ይጀምራል።

ለማሳያ ያህል የሚከተለውን ጉዳይ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ በዋስ ከባንክ የተበደረው ብር 200,000 መከፈል የነበረበት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ነው። ክስ አልቀረበም፤ ከዚያ ወዲህም ምንም አልተከፈለም። ባንኩ አሁን ወለድና መቀጫ ጨምሮ ብር 340,000 ይጠይቃል። ነጋዴው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ብር 180,000 በአንድ ጊዜ ለመክፈል ይጽፋል። በዚያን ጊዜ ከይርጋው የቀረው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው። ደብዳቤው «ያለብኝን ብር 340,000 ዕዳ በተመለከተ» ብሎ ከጀመረና ባንኩ ሐሳቡን ውድቅ ካደረገ፣ አዲሱ ዘመን እስከ ጥቅምት 2028 ዓ.ም. ሊደርስ ይችላል። ነጋዴው ምንም ሳያገኝ የዕዳውን ዕድሜ አርዝሟል ማለት ነው።

ስለዚህ የደብዳቤው አገላለጽ ከመጠኑ እኩል ትኩረት ይሻል። «በባንኩ መዝገብ የሚጠየቀውን ሒሳብ በሚመለከት፤ ይህ ሐሳብ ለእርቅ ብቻ የቀረበ እንጂ የዕዳ እምነት አይደለም» የሚል አገላለጽ ተመራጭ ነው። እርግጥ ፍርድ ቤት የሚመዝነው የሰነዱን አጠቃላይ ይዘት በመሆኑ፣ ከዚህ ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ ዕዳውን በዝርዝር የሚያምን ሐተታ ከተከተለ ጥበቃው ይላላል። ምክንያት ማብራራት ካስፈለገም የገንዘብ አቅምን ብቻ መግለጽ ይበቃል።

ባንኩስ ለምን ይቀበላል? ከ360 ቀን በላይ ያልተመለሰ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር ምደባ ኪሳራ በሚባለው እርከን የሚመደብ ሲሆን፣ በአብዛኛው ሙሉ መጠባበቂያ ተይዞለታል። ይርጋው እየቀረበ፣ መያዣም ሳይኖር የሚገባ ብር 180,000 ለባንኩ የሚናቅ አይደለም። ተበዳሪው ያለው የመደራደር አቅም ይህ ነው፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ካስገባ ግን ያጣዋል። ስምምነት ሳይኖር ወደ ብድር ሒሳቡ የገባ ገንዘብ ለወጪና ለወለድ ቀድሞ ሊታሰብ፣ ዋናው ዕዳም እንዳለ ሊቀር ይችላል። ክፍያውም ራሱ ይርጋውን ያቋርጣል።

ስለሆነም ሐሳቡ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይገባል፤ ለምሳሌ 30 ቀን። ገደብ ያለው ሐሳብ አቅራቢውን እስከዚያ ቀን እንደሚያስገድደው አንቀጽ 1690 ይደነግጋል። የባንኩ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም (አንቀጽ 1682)። ባንኩ «ብር 220,000 ከሆነ እንቀበላለን» ብሎ ከመለሰ ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳብ ውድቅ ሆኖ አዲስ ሐሳብ ቀርቧል ማለት ነው (አንቀጽ 1694)። በቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የቃል ማረጋገጫ መተማመንም አደገኛ ነው፤ ዕዳ የመተው ሥልጣን ብዙ ጊዜ በዋናው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ እጅ ነው። ተቀባይነቱ በማኅተምና በባለሥልጣን ፊርማ በጽሑፍ ከደረሰ በኋላ ገንዘቡ በአምስት ቀን ውስጥ በሲፒኦ ይከፈላል የሚል ቅደም ተከተል ሁለቱንም ወገን ያረጋጋል።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የመጨረሻው ሰነድ ነው። ደረሰኝ ገንዘብ መቀበልን እንጂ ቀሪውን መተውን አያሳይም። ብር 180,000 የሚል ደረሰኝ ብቻ የያዘ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ ቀሪው ብር 160,000 ሲጠየቅ መከላከያው ደካማ ነው። አበዳሪው ባለዕዳውን ነጻ እንዳደረገው ሲያሳውቅ፣ ባለዕዳው ወዲያውኑ ካልተቃወመ በቀር፣ ግዴታው ቀሪ እንደሚሆን አንቀጽ 1825 ይገልጻል። የተቀባይነት ደብዳቤው ይህንኑ በግልጽ ሊናገር ይገባል፦ ብር 180,000 ሲከፈል ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ መቀጫውና ወጪው በሙሉ ቀሪ እንደሚሆኑ፣ ዋሱም በስሙ ተጠቅሶ ነጻ እንደሚወጣ። ከክፍያው በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ ክሊራንስ እንደሚሰጥና በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያለው መረጃ እንደሚስተካከልም ይጨመራል። ክሊራንሱ የብድር ውሉን ቁጥርና ቀን ካልጠቀሰ፣ በዚያው ሰው ስም ሌላ ሒሳብ ካለ የትኛው እንደተዘጋ ማከራከሩ አይቀርም።