ዕቃው ሳይደርስ ሂሳቡ ሲደርስ

ከጎንደር አከፋፋዮች ጭኖ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣ አይሱዙ በአንድ ጉዞ የብዙ ሱቆችን ዕቃ ይይዛል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የአንዱ ሲራገፍ የሌላው ካርቶን አብሮ ሊወርድ ይችላል፤ ከመጋዘኑ ሳይጫን የሚቀርም አለ። ደረሰኙ በትዕዛዙ መሠረት ተቆርጦ ከሆነ ግን ያልተጫነውንም ይቆጥራል።

ባለሱቁ እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ ስልክ ይደውላል። «እሺ፣ አጣራለሁ» ይባላል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ሙሉው ዕዳ ይጠየቃል። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ለምሳሌ ከዳባት የሚጻፍ ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ በደረሰኝ ተመዝግቦ ያልደረሰንን ዕቃ ይመለከታል

ቀኑና ቁጥሩ ከላይ በተጠቀሰው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ 20 ካርቶን ብስኩት፣ 10 ካርቶን የገላ ሳሙና እና 2 ካርቶን የልብስ ዱቄት ሳሙና እንደላኩልን ተገልጿል። የተረከብነው ግን ብስኩቱን በሙሉና 7 ካርቶን የገላ ሳሙና ብቻ ነው። የጎደለው 3 ካርቶን የገላ ሳሙና በ1,500 ብር ሂሳብ 4,500 ብር፣ 2 ካርቶን የልብስ ዱቄት ሳሙና በ4,000 ብር ሂሳብ 8,000 ብር ሲሆን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 14,375 ብር ይሆናል። ከጠቅላላው 49,450 ብር ውስጥ የተረከብነውን ዕቃ ዋጋ 35,075 ብር በቀጠሯችን እንከፍላለን። የጎደለውን እንዲልኩልን ወይም ከሂሳባችን እንዲቀንሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የደብዳቤው ጉልበት ሂሳቡን ለሁለት መክፈሉ ላይ ነው። የማያከራክረውን ገንዘብ ጭምር የያዘ ባለሱቅ ዕዳ ሸሽቶ ሰበብ የሚፈልግ ይመስላል፤ ከፍሎ ሲጠይቅ ግን ክርክሩ በአምስት ካርቶን ላይ ብቻ ይቀራል። ሾፌሩን አለመወንጀሉም ደግ ነው። ጉድለቱ ከመጋዘን ይሁን ከመንገድ ገና አልታወቀማ።

አከፋፋዩ ዕቃውን በኋላ ከላከ ደረሰኙ ባለበት ይጸናል። ካልላከ ግን የመቀነሻ ሰነድ፣ በነጋዴው አነጋገር ክሬዲት ኖት፣ መስጠት አለበት፤ ደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ መሰረዝ የታክሱን ሂሳብ አያስተካክልም።

ከሁሉም የሚከፋው ባለሱቁ ሳይቆጥር ማስረከቢያው ላይ ፈርሞ ሲገኝ ነው። ጉድለቱ መጻፍ ያለበት ከፊርማው በላይ፣ በሁሉም ቅጂ ላይ፣ ሾፌሩ ሳይሄድ ነው። መዘግየትም ይጎዳል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን ጊዜ እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ ባለሱቁ ዘንድ በሚቀረው ላይ አከፋፋዩ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርማል፣ ማኅተምም ያደርጋል። አልፈርምም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክና የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ከማስረከቢያው ጋር ይያያዛል።